ያልመጡት ልጆች አንቀጽ

በሥራ ዘመኔ ብዙ ሪፖርት ጽፌአለሁ። በቃሌ የቀረው ግን አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ ስድስት ዓረፍተ ነገር። ልብስ ሳጥብም፣ አውቶቡስ ስጠብቅም፣ ሳላስበው ከንፈሬ ላይ ይመጣል። ልጆቼ «ጸሎት ነው?» ብለው ይቀልዱብኛል።

በነርስነት አሰበ ተፈሪ ስመደብ ገና ሃያዎቹን አላጋመስኩም ነበር። ዝናቡ ደጋግሞ በከዳበት ዓመት፣ የምሠራበት የጤና ጽሕፈት ቤት በመሰላ ቆላ ያሉ ልጆች ምን ያህል እንደተጎዱ አጥንቶ እንዲያቀርብ ታዘዘ። የእርዳታ እህልና የልጆች ምግብ ወደዚያ መላክ አለመላኩ የሚወሰነው በጥናቱ ነበር። መለካቱም መጻፉም እኔ ላይ ወደቀ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ዕጣ በወጣላቸው ገበሬ ማኅበራት እየዞርን፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን ክንድ ቀለም በተቀባ ጥብጣብ እንለካለን። አረንጓዴው ላይ ያረፈ ደህና ነው፣ ቢጫው ላይ ያረፈ ተጎድቷል፣ ቀዩ ላይ ያረፈ ለሞት የቀረበ ነው። ስህተቱን የሠራነው ገና ሳንነሳ ነው። ቤት ለቤት መሄድ ሲገባን፣ መኪናው የተፈቀደልን ለስድስት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ የየማኅበሩ ሊቀመንበር እናቶቹን አንድ ቦታ እንዲሰበስብልን ላክንበት።

እናቶቹ መጡ። የልጆቻቸውን ፊት አጥበው፣ ካለው ልብስ የተሻለውን አልብሰው ነበር የመጡት። ጥብጣቡ ቢጫ ላይ ሲያርፍ አዝን ነበር፤ ቀይ ሲያንስ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። የታመመ ልጅ ሰው ፊት እንደማይወጣ፣ ዓይን ይበላዋል ተብሎ ቤት እንደሚደበቅ አላወቅሁም። ሊቀመንበሩ ያውቃል። ግን ማን ጠየቀው?

በሦስተኛው ቀን ውሃ ልለምን አንድ ጎጆ ገባሁ። ጠዋት ወንድ ልጇን ያስለካች ሴት ናት የተቀበለችኝ። ከበስተኋላዋ ቁርበት ላይ አንዲት ሴት ልጅ ተኝታለች። ዓይኖቿ ተከትለውኝ ዞሩ፤ ሌላ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

«ይቺንስ ለምን አላመጣሻትም?» አልኩ።

«ይቺ ለሰው አይታይም፣ እህቴ» አለች በገበያ አማርኛዋ። «ደህና ስትሆን ኢንሻላህ አመጣለሁ።»

ተንበርክኬ ለካኋት። ጥብጣቡ ቀዩን አልፎ ጠበበ። ከእኛ ጋር ወደ ከተማ እንድንወስዳት ለመንኩ፤ ባሏ ከብቶቹን ይዞ ውሃ ፍለጋ ሄዷል፣ እሱ ሳይመጣ አልወጣም አለች። ያለንን የዱቄት ወተት ሰጠኋት፤ «ምግብ ይዤ እመለሳለሁ» አልኳት። ስወጣ መዝገቤን እያየች «ጻፍሻት?» አለችኝ። እፊቷ ስሟን ጻፍኩት።

ከተማ ተመልሼ ለሪፖርቱ ስቀመጥ የልጅቷ ዓይን ከወረቀቱ አልነሳ አለኝ። የጥናቱ ውስንነት የሚለው ክፍል ጋ ስደርስ ንስሐ እንደሚገባ ሰው ሁሉንም አፈሰስኩት። የልጆቹ ዕድሜ በግምት ነው፣ የዞርንባቸው ቦታዎች በቂ አይደሉም፣ መንገዱ አላስገባንም፣ ታማሚዎቹ አልመጡም፤ ስለዚህ ውጤቱ ሊታመን አይችልም ብዬ ዘጋሁት። እውነተኛ የሆንኩ መሰለኝ።

አለቃዬ አንብቦ ክፍሉን ከላይ እስከ ታች በቀይ ሰረዘው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እህሉ እንዲመጣ ከእኔ ያላነሰ ይፈልግ ነበር።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለኝ። «ከላይ ያሉት ይህን ያዩ ጊዜ፣ ራሳችሁ አይታመንም ካላችሁ እንደገና አጥኑ ይሉናል። እስከዚያ ማን ይተርፋል? ክፍሉን አውጪው፤ ያለዚያ አልፈርምም።»

«ጓድ ኃላፊ፣ ያላየነውን አየን ልንል ነው?» አልኩ።

«ያየነውን ብቻ እንበላ!»

ተናድጄ ወጣሁ። ሁለታችንም እንደተሳሳትን የነገሩኝ አንድ የቢሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ ለረጅም ዘመን የስታቲስቲክስ ሥራ የሠሩ፣ የአገሩ ተወላጅ ሽማግሌ። የእኔን መዝገብና የተሰረዘውን ገጽ ጎን ለጎን አድርገው ጫታቸውን ወደ ጉንጫቸው ሸጎጥ አደረጉ።

«የዕድሜውን ነገር ለምን ፊት አደረግሽው?» አሉኝ። «ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ክንድ ብዙም አይለዋወጥም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ትንሹን ጉድለት ከትልቁ ደባለቅሽው። ይልቅ ንገሪኝ፣ ያልመጡት ልጆች ከመጡት ይሻላሉ ወይስ ይብሳሉ?»

«ይብሳሉ እንጂ፣ ጋሼ።»

«ቢመጡ ኖሮ ቀዩ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?»

«ይጨምራል።»

«ወላሂ፣ ታዲያ ይህ ጥናቱን የሚገድለው በየት በኩል ነው? ጉድለቱ ወዴት እንደሚጎትት ጻፊ። አለቃሽ ጉድለቱን ደበቀ፤ አንቺ ደግሞ ያገኘሽውን ጣልሽው።»

ከዚያ ጣታቸው መዝገቡ ውስጥ የልጅቷ ስም ላይ ወረደ። «ይህቺ የስብሰባው ቦታ ላይ አልተለካችም። ከቁጥሩ አውጪያት።»

ጮህኩባቸው። በሽማግሌ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸው አልተቆጡም። «ዓይንሽ የመረጣትን ካስገባሽ፣ ዓይንሽ ያላያቸው ምን ይሁኑ?» አሉኝ። «አንዱን በእዝነት ካስገባሽ፣ ሌላውንስ ቁጥርሽን በምን ሊያምኑት ነው? በውስንነቱ ውስጥ ትግባ።» ስሟ ላይ መስመር ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ ማስመሪያው በእጄ ነበር።

አንቀጹ እንዲህ ሆነ፦

«የተለኩት ልጆች በስብሰባው ቦታ የተገኙት ብቻ ናቸው። የታመሙ ልጆች በቤት እንደሚቀሩ በአንድ ቤት ተመልክተናል፤ ብዛታቸውን ግን አናውቅም። ከጥናቱ በፊት የሞቱት አልተቆጠሩም። መኪና ያልገባባቸው ሁለት ማኅበራት በመንገድ ዳር ባሉ ተተክተዋል። እነዚህ ሁሉ ጉዳቱን አሳንሰው እንጂ አጋንነው የሚያሳዩ አይመስለንም። ስለዚህ የተገኘው ውጤት እንደ ዝቅተኛ ግምት ይነበብ፤ ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ የቤት ለቤት ቆጠራ ቢያስፈልግም፣ ምግብ ለመላክ ግን እሱን መጠበቅ አይገባም።»

አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይህማ ይጠቅመናል» አለና ፈረመ። እውነትም ጠቀመን። ከላይ የተመለሰው ደብዳቤ «በዝቅተኛው ግምት እንኳ» ብሎ ነበር የጀመረው፤ እህሉም መጣ።

በመጀመሪያው መኪና ላይ ነበርኩ። ጎጆው ጋ ስንደርስ ዘልዬ ወረድኩ። ሴትየዋ በር ላይ ቆማለች፤ ወንድ ልጇ ቀሚሷን ይዟል። ልጅቷ የተኛችበት ቁርበት ውጭ አጥር ላይ ተዘርግቷል። ሳልጠይቃት ገባኝ።

አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። እህሉ ሲራገፍ ቆማ ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይህ የመጣው በዚያ ወረቀት ነው?»

«አዎ፣ እህቴ።»

«ልጄ እዚያ ውስጥ አለች?»

«አለች» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ ልጇን በእጇ ይዛ እህሉን ልትቀበል ሄደች። አልዋሸኋትም፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ «በአንድ ቤት» በሚለው ነበረች። ስሟ ግን አልነበረም።