በእጄ የጻፍኩት የኦፕራሲዮን ወረቀት

ወረቀት መጻፍ አልወድም ነበር። መቅደድና መስፋት እንጂ ቁጭ ብሎ የሠሩትን መዘርዘር የሥራ ፈት ሥራ ይመስለኝ ነበር። ያኔ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔም ከትምህርት የወጣሁ አዲስ ቀዶ ሐኪም ነኝ። እጁ ፈጣን ነው ይባልልኝ ነበር። ወሬውን አልጠላሁትም።

የምሠራበት ሆስፒታል ከተማው ወደ ደቡብ ሊያልቅ ሲል የሚገኝ ትንሽ ሆስፒታል ነው። ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ጀርባ የጤፍ ማሳ ይታያል። ከላፍቶም ከሀና ማርያምም የሚመጣው በሽተኛ ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በታክሲ ነው የሚደርሰው። ቀዶ ሐኪም ሁለት ብቻ ስለሆንን ትርፍ አንጀትም፣ የጠና ምጥም፣ የተሰበረ እግርም የእኛው ነው።

መሣሪያ የምታቀብለኝ ሲስተር በዕድሜ እናቴን ትሆናለች፤ ቢሆንም አንቱ ትለኛለች። አንድ አመል አላት። የመጨረሻው ስፌት ሲታሰር ጓንቴን ሳላወልቅ ወረቀቱን መስኮቱ ደፍ ላይ ትዘረጋልኛለች።

«ዶክተር፣ አሁኑኑ ይጻፉልኝ። ከዚህ በር ከወጡ ይረሱታል።»

«ሲስተር፣ እኔ የቆረጥኩትን እረሳለሁ?»

«ሌላ ይቆርጡና ይረሳሉ።»

እስቃለሁ። አንዳንዴ እጽፋለሁ፣ አንዳንዴ «ቆይ» እላለሁ።

ወረቀቱ የሚጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የበሽተኛው ስምና የካርድ ቁጥር፤ ቀኑና ሰዓቱ፤ ሲገባ ምን ነው ተብሎ ነበር፣ ሲከፈት ምን ሆኖ ተገኘ፤ ማን ቀደደ፣ ማን አገዘ፣ ማን በምን አደነዘዘ፤ የት በኩል ተከፈተ፤ ትርፍ አንጀቱ አብጧል ወይስ ተበስቷል፣ መግል አለ ወይስ የለም፤ ምን ተደረገ፣ ሥሩ በምን ታሰረ፤ ምን ያህል ደም ፈሰሰ፤ ቱቦ ተትቷል ወይ፤ ለምርመራ የተላከ ሥጋ አለ ወይ፤ ፋሻውና መሣሪያው ተቆጥሮ ሞልቷል ወይ፤ በሽተኛው በምን ሁኔታ ወጣ፣ ከዚህ በኋላስ ምን ይደረግለት። መጨረሻ ላይ ፊርማ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

በክረምት አንዲት ልጅ መጣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ሰፊ ናት። አባቷ አናጢ ናቸው፤ ደግፈው ነው ያስገቧት። ሆዷን በቀኝ በኩል ከታመመች አምስት ቀን አልፏታል። ከፋርማሲ ኪኒን እየገዛች ሥራ ስትገባ ነው የቆየችው። ስነካት እጄን ይዛ፣ «ዶክተር፣ ቀስ» አለችኝ፤ ከዚያ እንዳፈረች ሁሉ ፈገግ አለች።

በዚያ ጠዋት ከእሷ በፊት አንድ የትርፍ አንጀት በሽተኛ ነበረኝ፤ ወጣት ወንድ። ቀላል ነበር፤ ወጣ፣ ተሰፋ፣ አለቀ። የእሷ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከፍቼ ስገባ መግሉ ወደ ውጭ ፈሰሰ። አንጀቷ፣ ሞራው፣ ሁሉም እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ቡጢ ጠጥሯል። ትርፍ አንጀቱ እዚያ ውስጥ የሆነ ቦታ ተቀብሯል፤ ልፈልገው ብዬ ብገፋ ደህናውን አንጀት እበሳዋለሁ። እንዲህ ሲሆን የሚደረገው የታወቀ ነው። መግሉን አጠብኩ፣ ማፍሰሻ ቱቦ ተውኩላት፣ ሰፋሁ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ በሁለት ወር ግድም፣ ተመልሳ ትመጣና ትርፍ አንጀቱ ይወጣላታል። ልክ ነበር የሠራሁት። እስከዚህ ድረስ ምንም አላጠፋሁም።

ሲስተር ወረቀቱን ስትዘረጋ አንዲት ነርስ በሩን ገፍታ ገባች። ምጥ ላይ ያለች ሴት መጥታለች፤ የሕፃኑ የልብ ምት እየወረደ ነው። «ቆይ» ብዬ ወጣሁ።

ሕፃኑ በሕይወት ወጣ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሌላ በሽተኛ ተከተለ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ሲስተር አራት ካርድ ደርባ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሻይዬን እየጠጣሁ አራቱንም በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩ። የወጣቱን ጻፍኩ፤ ከሥሩ ያለው የእሷ ነበር። መግሉን አስታወስኩ፣ ቱቦውንም አስታወስኩ። ከዚያ እጄ መቶ ጊዜ የጻፈውን ጻፈ፤ ትርፍ አንጀቱ ተበስቶ ተገኘ፣ ሥሩ ታስሮ ተቆርጦ ወጣ። «ለምርመራ የተላከ» የሚለውን፣ የወጣ ሥጋ ስላልነበረ፣ ባዶ ተውኩት። እዚያ ላይ እንኳ አልነቃሁም። ፈረምኩ።

ትርፍ አንጀቱ እንዳልወጣና ተመልሳ መምጣት እንዳለባት በቃሌ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። በማግስቱ ትኩሳት ነበራት፤ ሲሻላት እነግራታለሁ አልኩ። በሦስተኛው ቀን የዓመት ፈቃዴ ደረሰና አገሬ ሄድኩ። ያስወጣት ሌላው ሐኪም ነው። ወረቀቴን አነበበና፣ «ትርፍ አንጀትሽ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ አያምሽም» ብሎ አሰናበታት። ከዚህ ሌላ ምን ሊላት ይችል ነበር?

ተመልሼ ስመጣ ረስቻት ነበር። ይህን መጻፍ አሁንም ያሳፍረኛል። ፊቷንም፣ ሆዷ ውስጥ ትቼው የመጣሁትንም ረሳሁ።

ከጥር በኋላ እንደገና አመማት። ተመላላሽ ክፍል ያያት ገና የተመረቀ፣ ጠንቃቃ ልጅ ነው። ቀኝ ሆዷን ሲነካ ጠባሳውን አየ። ካርዷን አስመጥቶ የእኔን ጽሑፍ አነበበ። የታይፎይድ ምርመራ አዘዘ፤ እንደ ብዙው ሰው ትንሽ አሳየ። መድኃኒት ሰጥቶ ሸኛት። ፈጽሞ አልፈርድበትም። እኔም ብሆን ያንን ወረቀት አምን ነበር።

በአራተኛው ቀን አባቷ በታክሲ ይዘዋት መጡ። ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቋል። እንደ አጋጣሚ ተረኛው እኔ ነበርኩ። ካርዷን ስከፍት የራሴን እጅ ጽሑፍ አየሁ፤ ያን ጊዜ ነው ያ ክረምት ሁሉ ተመልሶ የመጣብኝ።

በሆዷ መሐል ከፈትናት። ትርፍ አንጀቱ እዚያው ነው፤ ከሥሩ አጠገብ ተበስቷል። መግሉ ሆዷን ሁሉ ሞልቷል። አወጣሁት፣ ሥሩን አሰርኩ፣ ደጋግሜ አጠብኩ። ስጨርስ ሲስተር እንደ ልማዷ ወረቀቱን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጋችልኝ።

ቆሜ ጻፍኩ። አንድም ቦታ ባዶ አልተውኩም። ሰዓቱን፣ ማደንዘዣውን፣ የፈሰሰውን ደም፣ ቱቦ ሁለት፣ ፋሻ ተቆጥሮ ሙሉ፣ የወጣው ትርፍ አንጀት በጠርሙስ ለምርመራ ተልኳል። «የተገኘው» በሚለው ሥር ደግሞ እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፤ በፊተኛው ቀዶ ሕክምና ትርፍ አንጀቱ አልወጣም፤ ወጥቷል የሚለው ጽሑፍ ስህተት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሲስተር በትከሻዬ በኩል አነበበችው።

«ዶክተር፣ ይህ ወረቀት እኮ ፍርድ ቤት ድረስ ይሄዳል።»

«ይሂድ።»

«የሚደርስብዎትን አስበውታል?»

«ሲስተር፣ ያን ቀን ብሰማሽ ኖሮ…» አልኩ። ፊቷን ወደ መሣሪያዎቹ አዞረች። ታለቅስ ነበር፤ እኔ ግን እንዳላየሁ ሆንኩ።

መርዙ ደሟ ውስጥ ገብቶ ስለነበር የሰጠናት መድኃኒት ሁሉ ሊመልሳት አልቻለም። ሁለት ቀን ቆየች። በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አረፈች።

አባቷ የመጡት ከቀብሩ በኋላ በአራተኛው ቀን ነው። ጥቁር ኮት ለብሰዋል፤ አዲስ ነው፤ ግን ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስል ሰፍቷቸዋል። ወንበር ሰጠኋቸው። የመጡት ለጠብ አልነበረም። ለጠብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ወረቀት አለ ብለውኛል። በእንግሊዝኛ ነው አሉ። ያንብቡልኝ» አሉኝ።

ሁለቱንም አወጣሁ። መጀመሪያ የክረምቱን፣ ቀጥሎ የኋለኛውን፣ መስመር በመስመር በአማርኛ ነገርኳቸው። የፋሻውን ቆጠራ እንኳ አልዘለልኩም። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«በታመመችበት በመጨረሻው ሳምንት ምን ትለኝ እንደነበር ያውቃሉ?» አሉ። «‹አባዬ፣ ያው ነው፤ የክረምቱ ሕመም ነው› ትለኝ ነበር። ‹ወጥቶልሻል እኮ፤ ዶክተሩ ጽፎታል፤ አሁን አንቺ ከሐኪም ልትበልጪ ነው?› አልኳት። ተቆጣኋት ዶክተር። ሥራ ጠልታ ነው ብዬ ፋብሪካ ላክኋት። ሁለት ቀን ሆዷን ይዛ ሰፋች።»

«አባቴ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የእኔ ነው።»

«እሱን አውቄያለሁ፤ አሁን አነበቡልኝ አይደል?» አሉ፤ በቁጣ አልነበረም። «እኔ ግን ልጄን ትቼ እርስዎን ነው ያመንኩት።»

ቢፈልጉ የት ሄደው መክሰስ እንደሚችሉ ነገርኳቸው፤ ወረቀቱም እንደማይጠፋ፣ ምስክር ካስፈለገ ራሴ እንደምቆም። ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሌላ ነገር ልጠይቅዎት» አሉ። «ስቆጣት እናቷ ትሰማ ነበር። ቤት ድረስ መጥተው ልጅቷ እውነቷን እንደነበር ይንገሩልኝ። እኔ ብነግራት አይሆንም። ልጄን ዋሾ ያደረግኋት እኔ ነኝ።»

እሁድ ዕለት ሀና ማርያም ሄድኩ። ድንኳኑ ፈርሷል፤ ግቢው ውስጥ ግን ከዕድሩ የመጡ አግዳሚዎች ገና አልተነሱም። እናቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ከግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። አባቷ በሩ ላይ ቆሙ፤ አልገቡም። መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ መግሉ፣ ስለ ምጧ ሴት፣ ስለ ፈቃዴ። አንዱንም አላወጣሁትም።

«እናቴ፣ ልጅዎ የክረምቱ ሕመም ነው ያለችው እውነቷን ነበር። አልወጣላትም ነበር። እኔ ነኝ ወጥቷል ብዬ የጻፍኩት» አልኳቸው።

እናትየው ቀና ብለው አዩኝ። ይጮኹብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እኔማ ያን ጊዜም አምኛት ነበር ልጄ» አሉኝ። «እጇን የምታደርግበት ቦታ ያው ነበር። ግን ተጽፏል ሲሉኝ ምን ልበል?»