ከወደቡ ከተማ ሠላሳ አንድ ጊዜ

በዚህ መንገድ ሶፋ በማልበስ እኔን የሚያህል የለም። ነበረ ካላችሁኝ ሞቷል። አርባ ዓመት ሙሉ ስንቱን ትልቅ ሰው አስቀምጫለሁ! ፊደል አልቆጠርኩም፣ ሰው ግን አነባለሁ። አንድ ሰው ወንበር ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ልየው ብቻ፣ የሆዱን እነግራችኋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ዳኛ መጥቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ሲል፣ “ጌታዬ፣ እርስዎ ቤት ሰላም የለም” ብዬው ክው ብሎ ቀረ። ይሄ ሌላ ወሬ ነው፣ እመለስበታለሁ። ካልረሳሁት።

መርፌንም የመጀመሪያ ቀን ነው ያነበብኳት። መርፌ የእናት አባት ስሟ አይደለም፣ ሰፈሩ ያወጣላት ነው። አንደኛ ቀጭን ናት፣ ሁለተኛ ሥራዋ የልብስ ስፌት ማሽን መጠገን ነው። ከእኔ ሱቅ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ልትከራይ ስትመጣ ስለ መብራት አልጠየቀች፣ ስለ ውሃ አልጠየቀች።

“ጋሼ፣ የኋላ በር አለው?” አለችኝ።

“አለው፣ ግን ወደ ቆሻሻ መጣያው ነው የሚያወጣው።”

“ይሁን። ያውጣኝ እንጂ።”

ያኔውኑ ይቺ ልጅ የምትሸሸው ሰው አለ አልኩ። የሥራ ጠረጴዛዋን ግድግዳ አስደግፋ ፊቷን ወደ በሩ አደረገች። ከጀርባዋ ማንም እንዲቆም አትፈቅድም። አንድ ቀን ወፍራም ክር ልዋሳት በኋላ በር ብገባ፣ የያዘችውን መፍቻ ልትወረውርብኝ ምንም አልቀራት።

ነገሩን የነገረችኝ ከዓመት በኋላ ነው። ባሏ ወደብ ያለበት ከተማ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ከዚህ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ። ስትለየው፣ “መሬት ገብተሽ ብትደበቂ ቆፍሬ አወጣሻለሁ” ብሏታል። ሰውየው ደግሞ አፉ ብቻ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ አግኝቷታል። በሁለተኛው ጊዜ የግራ እጇን ሰበረው። እስከዛሬ ብሎን ስታጠብቅ ያቺ እጅ ትዝልባታለች። ይሄ ሦስተኛ ከተማዋ ነው። ልጇም ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ትምህርት ቤቷ ነው።

“ጋሼ፣ አራተኛ የለም” አለችኝ። “አራተኛ የመሄጃ ጉልበት የለኝም።”

እሺ። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ለአዋቂዎች ኮምፒውተር የምታስተምር ሴት አለች። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን የምትፈልግ ዓይነት። መርፌ እሷ ዘንድ እየሄደች የኢንተርኔት ገጽ ሠራች። ማሽን ክር ለምን ይዘላል፣ መርፌ ለምን ይሰበራል፣ ዘይት የት የት ይደረጋል የሚል ነው። በመጨረሻ አድራሻ የሚል ገጽ አለ፣ ስልኳ፣ የመንገዱ ስምና የበሯ ፎቶ ያለበት። በፎቶው ጥግ የእኔ ሶፋ ይታያል፣ የገጹም ውበት እሱ ነው።

“አንቺ ልጅ፣ የምትደበቂ ሰው አይደለሽም እንዴ?” አልኳት።

“ስሜን አልጻፍኩም፣ ፊቴን አላሳየሁም። መርፌ ብሎ ማን ያውቀኛል? ደግሞ ደንበኛ ከየት ይምጣ?”

ገጹ ወጣ። ሰው ያየዋል አያየውም፣ በምን ይታወቃል? ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ጥለህ ድምፁን እንደ መጠበቅ ነው። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ፣ “ስንት ሰው እንደገባ በነፃ የሚቆጥር አለ” አለቻት። በኢሜይል ተመዘገቡ፣ የገጹን አድራሻ ሰጡ፣ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ተሰጣቸው፣ ያንን በየገጹ ራስጌ፣ ለአንባቢ በማይታየው ክፍል፣ ለጠፉት። አለቀ። አንድ ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር ያቺ ጽሑፍ ትመዘግባለች፤ ስንት ሰዓት፣ የትኛውን ገጽ፣ በስልክ ነው በኮምፒውተር፣ ከየትኛው ከተማ። ሴትዮዋ፣ “የመጀመሪያውን ሳምንት ቁጥር አትመኚው፣ አብረን እናየዋለን” ብላት ነበር። ሰው ግን መች ይጠብቃል?

በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ሱቄ ገባች። ስልኳን ዘረጋችልኝ፣ ማንበብ እንደማልችል እንኳ ረሳች።

“አንብቢልኝ” አልኳት።

“ሰባ ሦስት ጉብኝት። ከዚህ ከተማ ሃያ ሁለት። ከማላውቃቸው ሩቅ አገሮች ሃያ።” ስክሪኑን በጣቷ ሳበች። “ከወደቡ ከተማ ሠላሳ አንድ።”

እኔ መዶሻ ይዤ ነበር። “ይምጣ! በዚህ ነው ግንባሩን የማለብሰው!” አልኩ። እግሬ ተንቀጥቅጦ ከነበረ ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ነው፣ ብርድ አለው።

“ጋሼ፣ የአድራሻው ገጽ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተከፍቷል። በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ይከፍታል። በየቀኑ!”

ሄዳ መፍቻዎቿን በጨርቅ መጠቅለል ጀመረች። እኔ በሯ ላይ ቆሜ አያለሁ። ልክ ያን ጊዜ አንድ ትከሻው ሰፊ ሰውዬ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። የበሯን ቁጥር አየ፣ ስልኩን አየ፣ እንደገና በሩን አየ። በብብቱ ከባድ ነገር በጆንያ ይዟል። ዞር ስል መርፌ የለችም፣ የኋላ በሩ ወለል ብሏል። እኔም፣ ልንገራችሁ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። እኔ! ለዳኛ ያልተዘጋው አፌ!

“የማሽን ጠጋኟ እዚህ ናት?” አለ ሰውዬው።

“ምን ፈልገህ ነው?”

“የሚስቴ ማሽን ክር ይዘላል” ብሎ ጆንያውን ከፈተው። የማሽን ራስ ነው።

መርፌን ቆሻሻ መጣያው ጋ አገኘኋት፣ ግራ እጇን በቀኟ ይዛ ተቀምጣለች። ደንበኛ ነው ብላት አልተነሳችም።

“ዛሬ ደንበኛ ነው። ነገስ? ልጄን ከትምህርት ቤት አውጥቼ በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ።”

“መጀመሪያ ቆጣሪውን የተከለችው ሴት ትየው። ሶፋ ቢሰበር ሠሪው ነው የሚጠየቀው፣ የተቀመጠበት አይደለም” አልኳት። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ሁሉ ብልሁ ይሄ ነው፣ ብዙም ተናግሬአለሁ።

ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ሴትዮዋ መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ ሪፖርቱን በትልቁ ኮምፒውተር ከፈተች። ታነባለች፣ እኛ ፊቷን እናነባለን።

“ጉብኝት ማለት ሰው ማለት አይደለም” አለች። “አንድ ሰው አሥር ጊዜ ቢመጣ አሥር ጉብኝት ነው። እነዚህ ሠላሳ አንዱ የስንት ሰው እንደሆኑ እንይ።” ጠቅ አደረገች።

“ስንት ነው?” አለች መርፌ።

“አንድ።”

ሠላሳ አንድ ሰው ቢሆን ይሻል ነበር። አንድ! መርፌ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠች።

“በስልክ ነው የሚገባው” ብላ ሴትዮዋ ቀጠለች። “ፈልጎ አይደለም የሚያገኘው፣ ከሌላ ገጽም አይመጣም። አድራሻውን ያውቀዋል፣ በቀጥታ ይከፍታል።”

“በቃ፣ እሱ ነው። ልጄን ላምጣ።”

“ቆይ እስቲ እህቴ። አንቺ ገጹን በምን ነው የምታይው?”

“እኔ? በስልኬ። ምን አገናኘው?”

“መቼ መቼ?”

“ስነሳ። ደህና አድሯል ወይ ብዬ።”

“ስትነሺ ስንት ሰዓት ነው?”

መርፌ ስልኳን አገላብጣ አየች። ሴትዮዋ፣ አሁን በዚህ ደቂቃ ማን ገጹ ላይ እንዳለ የሚያሳየውን ከፈተች። ማንም የለም ይላል። “በይ፣ በስልክሽ ክፈቺው። በእኛ ዋይፋይ ሳይሆን በራስሽ ዳታ።”

መርፌ ከፈተች። ሦስታችንም ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጥን። አንድ አለች ቆጣሪዋ። ከጎኗ የከተማ ስም ወጣ። እኔ ባላነብም መርፌ አፏን ስትይዝ ገባኝ፤ የወደቡ ከተማ ነው!

“እዚህ ክፍል ውስጥ ነው እንዴ!” ብዬ ከመደርደሪያው ጀርባ አየሁ። ሳቁብኝ። ይሳቁ።

“አባባ፣ ቆጣሪው ሰውየው የት እንደቆመ አያይም” አለችኝ። “የኢንተርኔቱ መስመር የት እንደተመዘገበ ነው የሚገምተው። የእሷ ስልክ ኩባንያ መስመር በወደቡ ከተማ በኩል ነው የሚወጣው። ስለዚህ እዚህ ተቀምጣ እዚያ ያለች ይመስለዋል። አድራሻውንስ ማን ነው አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የከፈተው?”

“ደውለው የት ነሽ ሲሉኝ የበሩን ቁጥር ከዚያ ነው የማነብላቸው” አለች መርፌ ቀስ ብላ። ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

ከሩቅ አገር የመጡት ሃያዎቹ አንድ ገጽ ነክተው በሰከንድ የጠፉ ነበሩ። “እነዚህ ኢንተርኔቱን በራሳቸው የሚያስሱ ፕሮግራሞች ሳይሆኑ አይቀሩም” አለች ሴትዮዋ። ከዚህ ከተማ ያሉት ሃያ ሁለቱ አብዛኞቹ ሴትዮዋና መርፌ ራሳቸው ሐሙስ ዕለት ሲሠሩ የከፈቱት ነው።

“ታዲያ ማን አነበበው?” አልኩ።

“ምናልባት አምስት ሰው። ለመጀመሪያ ሳምንት አይከፋም።”

የመርፌን ስልክና የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒውተር ቆጣሪው እንዳይቆጥራቸው አደረጉ። መርፌ በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ አልሄደችም። ግን መፍቻዎቹን ከጨርቁ አልፈታቻቸውም፤ አንድ ሳምንት ሙሉ እያወጣች ትሠራለች፣ ማታ መልሳ ትጠቀልላለች።

በሳምንቱ ሦስታችን እንደገና ተቀመጥን። በጠቅላላው አሥራ አራት። ከወደቡ ከተማ፣ ሁለት።

መርፌ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አደረገች። “ሁለት እኮ አለ።”

“አለ” አለች ሴትዮዋ። አላባበለቻትም፣ ለዚህ አከበርኳት። “ማሽን ክር ይዘላል ብለው ፈልገው የመጡ ናቸው። ያንን ገጽ አራት አራት ደቂቃ አንብበዋል፣ አድራሻውን አልከፈቱም። እንደ አንቺ በዚያ ኩባንያ መስመር የሚገባ የዚህ ከተማ ሰው ሊሆን ይችላል። እዚያው ያለ ልብስ ሰፊም ሊሆን ይችላል።”

“እሱ አለመሆኑን ይነግረኛል?”

“አይነግርሽም። ስም አያውቅም። በሁለት ቁጥር እሱ ነው ማለትም አይቻልም፣ አይደለም ማለትም አይቻልም።”

መርፌ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች። ከዚያ፣ “የበሩን ፎቶ ላጥፋው፣ የመንገዱንም ስም። ስልኩ እዚያው ይቆይ። የሚፈልገኝ ይደውል፣ ድምፁን ሰምቼ ወደ በሬ የምመራውን እኔ እመርጣለሁ” አለች። እዚያው ቁጭ ብላ በራሷ እጅ አጠፋቻቸው። ሶፋዬም አብሮ ሄደ። እሺ፣ ለሰው ሕይወት ነው።

ሱቋ ስንመለስ ጨርቁን ፈትታ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ሳትጨርስ ስልኳ ጠራ፣ የማታውቀው ቁጥር ነው። አነሳችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው፣ ሃሎ አላለችም። ከወዲያ ማዶ አንድ ድምፅ ሁለት ሦስት ጊዜ ሃሎ አለ። የሴት ድምፅ ነው።

“አቤት” አለች መርፌ። “ክሩ ከላይ ነው የሚበጠሰው ከታች?”