ስለ ኋላው ክፍል የጻፍሁት ማመልከቻ

ሌባው የገባው ለባለቤቴ የመንፈቅ ተዝካር ወደ አገሩ፣ ወደ አንበሳሜ፣ ሄጄ ሳለሁ ነው። ሦስት ቀን ቆይቼ ባሕር ዳር ስመለስ የፊቱ በር እንደቆለፍሁት ነበር። ከፍቼ ገባሁ፤ ከተዝካሩ የያዝሁትን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ፤ ነጠላዬን አጠፍሁ። ወደ ኋላው ክፍል የዘለቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። መስኮቱ ከነክፈፉ ተነቅሎ ወጥቷል፤ በውጭ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሳይሰበር በጥንቃቄ ነበር ያስቀመጡት።

ባለቤቴ የሐይቁ ጀልባዎች መካኒክ ነበር። የኋላው ክፍል የእሱ ነው። ዕቃውን የሚፈታታው እዚያ፣ ሲታመም የተኛው እዚያ፣ ያረፈውም እዚያ ነው። ከሞተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየገባሁ ትንሽ ቆሜ እወጣ ነበር። ሌላ ሥራ አልነበረኝም እዚያ።

ቤታችን የቀበሌ ነው። ትርፍ ቤት ከተወረሰበት አዋጅ በፊት የአንድ ነጋዴ ነበር፤ ከአዋጁ በኋላ አከራያችን ቀበሌው ሆነ። ሌባ የሚይዘውም ቀበሌው፣ መስኮት የሚጠግነውም ቀበሌው ስለሆነ፣ ሰው ሁለት ቦታ አይመላለስም። አንድ የአብዮት ጥበቃ መሣሪያውን አንግቶ መጣና መስኮቱን አየ።

“በመስኮቱ ነው የገቡት” አለኝ።

“አዎ” አልሁት።

ጻፈው። “ስርቆቱን ለፖሊስ እኛ እናስተላልፋለን። ስለ መስኮቱ ግን ለቤት ጉዳይ በጽሑፍ ያመልክቱ” ብሎኝ ሄደ።

ማመልከቻውን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀብኝ። “ጉዳዩ፦ የተሰረቀብኝን ንብረት ስለ ማሳወቅና ለመስኮቱ የብረት ፍርግርግ እንዲሠራልኝ ስለ መጠየቅ” የሚለው ቶሎ አለቀ። ያቆየኝ ዝርዝሩ ነው። ካፖርት ብዬ ብቻ መተው አልቻልሁም። ቡናማ ካፖርት፣ ቡናማ ክር ጠፍቶ የግራ ኪሱ በጥቁር ክር የተሰፋ፤ ራዲዮ፣ የጀርባ ክዳኑ በጎማ የታሰረ፣ ጎንደር መንገድ ላይ ከመኪና ወድቆ የተረፈ፤ አንድ ታጣፊ አልጋ ከነፍራሹ፤ አንድ ብርድ ልብስ፤ አንድ ወንበር፤ አንድ የመፍቻ ሳጥን፣ ክዳኑ ላይ ስሙ በምስማር የተጫረበት። አጋነነች እንዳይሉኝም መጨረሻ ላይ እንዲህ ብዬ ጨመርሁ፦ “ከላይ ከተዘረዘረው በቀር በክፍሉ ውስጥ ሌላ ንብረት ስላልነበረ፣ አሁን በክፍሉ የቀረ ነገር የለም።”

ለጎረቤቴ አነበብሁላት። ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ከእኛ ጋር አሥር ዓመት በጉርብትና የኖረች እስላም ናት።

“አንቺ፣ ሌባው ራሱ ይህን ሁሉ መሸከሙን አያውቅም” አለችኝ።

“እውነቱን ነው የጻፍሁት።”

“እውነትማ እውነት ነው። የምትጠይቂው መስኮት ነው፤ አሳጥሪው።”

አላሳጠርሁትም።

የቤት ጉዳይ ኃላፊው ካኪ የለበሰ ወጣት ነው። ሁለቱንም ገጽ አነበበና መዝገቡን ገለጠ።

“ጓዲት፣ ተከራዩ እርስዎ አይደሉም።”

“ባለቤቴ ነው።”

“ለምን ራሱ አላመለከተም?”

“ሞቷል።”

መዝገቡን እንደገና አየ። “እዚህ አለ” አለኝ።

እኔም እዚያ እንዳለ አውቅ ነበር። የኪራዩ ደረሰኝ በየወሩ በስሙ ይቆረጥልኛል። በወር አንድ ቀን ስሙን ሌላ ሰው ሲጽፈው ማየት ደስ ስለሚለኝ ላስለውጠው አልቸኮልሁም። ይህን ለኃላፊው አልነገርሁትም። “ይስተካከላል፤ ኮሚቴው መጥቶ ቤቱን ያያል” አለኝ።

በሳምንቱ ሦስት ሆነው መጡ፤ ኃላፊው፣ ከሴቶች ማኅበር አንዲት ወይዘሮ፣ ሜትር የያዙ አንድ ሽማግሌ። ሽማግሌው የኋላውን ክፍል በቁመትም በወርድም ለኩ። “ናፍጣ ናፍጣ ይላል” አሉ። ኃላፊው ማመልከቻዬን አውጥቶ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብሎ አነበበ።

“እንግዲህ ክፍሉ ባዶ ነው” አለ።

“ተሰርቆ ነው ባዶ የሆነው።”

“እሱንማ በሚገባ ገልጸውታል። አሁን ግን ባዶ ነው። እርስዎም አንድ ሰው ነዎት። ደባል እናስገባለን።”

“እኔ የጠየቅሁት ጥበቃ ነው።”

“ጓዲት፣ ከሰው የበለጠ ምን ጥበቃ አለ? ብረት እኮ አይጮህም።”

ወይዘሮዋ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። “ብቻዎን ከሚሆኑ ይሻልዎታል፣ እናቴ። ቢያምዎት ውኃ የሚያቀብል አያጡም” አለችኝ። ደግ ሴት ናት።

ጎረቤቴ ስትሰማ ተቆጣች። “ዛሬውኑ ክፍሉን በጣቃ ጨርቅ እሞላልሻለሁ! ነገ መጥተው ይዩት!”

“ባዶ ነው ብዬ ፈርሜአለሁ።”

“የተሰረቀ ሰው መልሶ አይገዛም እንዴ? ኧረ አንቺስ!”

ጣቃውን እንቢ አልኋት። በነጋታው ራሴ ቀበሌ ሄድሁ።

“ማመልከቻዬን መልሱልኝ። መስኮቱም ይቅር” አልሁ።

“ገቢ ሆኗል፤ ቁጥርም ተሰጥቶታል” አለ ኃላፊው። “ቅሬታ ካለዎት ግን መጻፍ ይችላሉ” ብሎ ወረቀት ሰጠኝ።

ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። “ክፍሉ ባዶ አይደለም” ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ምን እንዳለበት መዘርዘር ነበረብኝ። አንድ ምስማር፣ ካፖርት የሚሰቀልበት። የናፍጣ ሽታ። ከዚህ ሌላ ባስብ ባስብ የሚመጣልኝ ነገር ጠፋ። ሁለቱንም ለቤት ጉዳይ ጽፎ መስጠት አይቻልም።

አጠገቤ ሕፃን ያዘለች ሴት ተቀምጣለች። ከጨርቃጨርቅ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ መውጣቷ ነው፤ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ።

“እርስዎም የቤት ነው?” አለችኝ።

“አዎ። የቤት ነው።”

“እኔ ዓመት ተመላለስሁ። ሰው ቤት ጥግ ነው የማድር፤ ይህች ባለቀሰች ቁጥር እየተቆጡኝ። አሁን አንድ ባዶ ክፍል ተገኝቷል አሉኝ።”

“የት ነው አሉሽ?”

“አልነገሩኝም። ብቻ መስኮቱ ይሠራል ብለዋል።”

ሕፃኗ ነቃችና ወረቀቴን ጫፉን ያዘች። እናቷ እጇን ልታስለቅቃት ስትል “ተያት” አልኋት። ልጅቱ ወረቀቱን አጨማደደችው። ብፈልግ ሌላ ወረቀት መጠየቅ እችል ነበር፤ ኃላፊው አይከለክለኝም። ተነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

የቀበሌው አናጢ በአራተኛው ቀን መጣ። ክፈፉን መልሶ ተከለው፤ ፍርግርጉንም እኔ እንዳመለከትሁት አድርጎ ገጠመው፤ ለምትገባው ደባልም ወደ ጓሮው መውጫ በር አወጣላት። ጠንካራ ሥራ ነው፤ እጄን አስገብቼ ነቀነቅሁት፣ አልተንቀሳቀሰም። ከሰዓት በኋላ ያቺ አግዳሚው ላይ ያገኘኋት ሴት ልጇን አዝላ፣ አንድ ጆንያና አንድ ምንጣፍ ይዛ መጣች። አይታኝ ደነገጠች። “እርስዎ ነዎት እንዴ?” አለች። ግቢ አልኋት።

የቀረው በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው በር ነው።

“ይኸ መዘጋት አለበት፤ ከየት በኩል ልምታው?” አለ አናጢው።

እሷ ልጇን አቅፋ በዚያ በኩል ቆማለች፤ እኔ በዚህ።

“ከእኔ በኩል” አልሁት።

ሳንቃውን አጋድሞ በስድስት ምስማር መታው። ሲጨርስ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ከላይ “ተከራይ” በሚለው ቦታ የኔ ስም ተጽፏል። ከሥሩ በማመልከቻው የተጠየቀው ጥበቃ ተሟልቶ ጉዳዩ መዘጋቱን ይገልጻል። ፊደል በፊደል አነበብሁት፤ ስሕተት አላገኘሁበትም። ፈረምሁ።