ከልጄ ጭብጥ የወጣው ወረቀት

ልጄ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ነበር። በአንድ ጎን ጸጉሯ ከነቆዳው ተነቅሏል። እሑድ ጠዋት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነጠላዬን ለብሼ ቆሜያለሁ።

«በረዶ አንሸራቶኝ ወደቅኩ፣ ማማ» አለችኝ።

በረዶ ጸጉር አይነቅልም። ቀኝ እጇን ጨብጣ አልፈታም አለች። በግድ ስፈለቅቀው ክንዴን ነከሰችኝ፤ ነክሳኝ እሷው አለቀሰች። ከጭብጧ የወጣው ከግድግዳ የተቦጨቀ ወረቀት ነው፤ ደም ነክቶታል።

እኔ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ኖርስክን፣ የኖርዌይን ቋንቋ፣ የለመድኩት እዚህ ኦስሎ፣ ቶየን ሰፈር አጠገብ፣ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ሳጸዳ ነው። እዚያ አንዱ ሲያርፍ ነርሶቹ «ዶድ» ይላሉ። ወረቀቱ ላይ ጫፉ እንደ እሾህ የሾለ ትልቅ ጽሑፍ አለ፤ ፊደሉን ለቃቅሜ ባነበው ዶድ ሆነብኝ። ሞት። ከሥሩ «ስሊፕ» ይላል። ይችን ቃል ደግሞ በዚያ ሰሞን ልጄ በእንቅልፏ ስትጮህ ሰምቻታለሁ፤ «ስሊፕ መይ»፣ ልቀቀኝ። ከሱ በታች ቅዳሜ 21 የሚል አለ፤ ወሩ ተቀዷል። የሚመጣው ቅዳሜ 21 ነበር። ልጄን የሚገድሉበትን ቀን ጽፈው የሰጧት መሰለኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ጎትቼ ወሰድኳት። ፖሊሷ «ማነው የመታሽ? የት ይገኛል?» አለቻት።

«ናይ፣ ማንም አልመታኝም፣ ወድቄ ነው» አለች ልጄ። ተመለስን።

ግሮንላንድ የሚባለው ሰፈር ጤፍ ወደምገዛበት ሱቅ ስሄድ የማልፈው አንድ የዘፈን ሸክላ የሚሸጥ ሙዚቃ ቤት አለ። መስኮቱ ላይ እንደዚያው የሾለ ጽሑፍ አይቼ ነበር። ማክሰኞ የወጥ ቤት ቢላዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ገባሁ። ሻጩ ክንዱ ሙሉ የራስ ቅል ተነቅሷል። ከገዳዮቹ አንዱ ነው ብዬ እጄን ከቦርሳው አላወጣሁም።

«ይሄንን የጻፈው ማነው?» አልኩና ወረቀቱን ወረወርኩለት።

«ማተሚያ ቤት» ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። «የኮንሰርት ፖስተር ነው እኮ። ምን ሆነሻል?»

«ሞት ይላል። ልቀቀኝ ይላል።»

«ስሊፕ ብቻውን አይደለም፤ ከፊቱ ያለው ተቀዷል። ፕላተስሊፕ ነው። አዲስ ሸክላ የሚመረቅበት ኮንሰርት።» ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋ። «ዘንድሮ 21 ቅዳሜ የሚውለው በፌብሩዋሪ፣ በማርችና በኖቬምበር ነው። የኖቬምበሩን ካሁኑ ማንም አይለጥፍም። ስሙ ውስጥ ዶድ ያለበት፣ በቀሩት ሁለት ወሮች ሸክላ ያወጣ ባንድ ደግሞ የማውቀው ሁለት ነው።»

«የቱ ነው ታዲያ?»

«ያለፈው ወር፣ የፌብሩዋሪው ባንድ ስሙ በዶድ ይጀምራል። እዚህ ግን ከፊቱ የሌላ ፊደል ጭራ አለ፣ አየሽ? ክብ ነው፣ ኡ ነው። ከኋላውም የሌላ ፊደል ቀጥ ያለ እግር ቀርቷል። የማርቹ ባንድ ነው፤ ኡዶደሊ። የማይሞት ማለት ነው።» በስልኩ ፈለገና አሳየኝ፤ እዚያው ጋምለ ኦስሎ ሰፈር፣ አንድ ምድር ቤት፣ ማርች 21፣ ማታ ስምንት ሰዓት በነሱ አቆጣጠር። ፖስተሩ ሙሉውን አለ። እንደ እሾህ ያለው ጽሑፍ አንድ ነው።

ከፖስተሩ ሥር የአራት ሰዎች ፎቶ ነበር። ሦስቱን አላውቃቸውም። አራተኛው፣ የከበሮ እንጨት የያዘው፣ ልጄ ጓደኛዬ ነው ብላ ቤቴ ያመጣችው ልጅ ነው። የገበያ ዘንቢሌን ደረጃውን አውጥቶልኛል። በእጄ አጉርሼዋለሁ።

ቤት ስደርስ ልጄ መስታወት ፊት ቆማ ብልዟን በፊት ዱቄት ትሸፍናለች።

«ቅዳሜ የት ነሽ?»

«ሥራ።»

«ምድር ቤቱ ውስጥ ነው ሥራሽ? ከበሮ መቺው ዘንድ?»

ጃኬቷን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። ቀድሜ ተደገፍኩት።

«ሳልሄድ ብቀር ይገድለኛል፤ አልገባሽም? ልቀቂኝ ማማ» አለች። እጇን ያዝኩ። በሌላው እጇ አፌን መታችኝ። ጥርሴ ከንፈሬን ቀደደው። ደሙ ነጠላዬ ላይ ሲንጠባጠብ አየችና እጇን እንደ ባዕድ እጅ ራቅ አድርጋ ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እንዲህ ነው ያደረገኝ» አለች። «ለኮንሰርቱ አልመጣም ስለው በጸጉሬ ጎተተኝ። ግድግዳውን ስይዝ ወረቀቱ እጄ ላይ ቀረ።»

ቢላውን ከቦርሳዬ አውጥቼ መሳቢያው ውስጥ መለስኩ። እንዲህ በተቆጣ እጅ ቢላ ቢያዝ ምን ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ፖሊስ ጣቢያ ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋት።

ፖሊሷ ያንኑ ጠየቀች፤ ማነው፣ የት ይገኛል። ልጄ ስሙን ተናገረች። ቦታው ላይ ስትደርስ ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው። ስልኩን ተቀብዬ በተሰነጠቀ አፌ፣ በዚያ ሰባራ ኖርስኬ፣ ምድር ቤቱን፣ ቅዳሜን፣ 21ን፣ ሰዓቱን ነገርኳት።