ለወጥ ቤቱ የምጽፈው

ስፓኒሽ የተማርኩት ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ስሠራ፣ ከጎኔ የምታማስለው ከኦሃካ የመጣች ሜክሲኳዊት ነበረች። ስትናገር አልደርስባትም ነበር፤ ስትጽፍልኝ ግን ቀስ ብዬ አነባለሁ። እኔ ከሷ ስልክ ተማርኩ፣ እሷ ከእኔ ድስት ቁሌት ተማረች።

እሷ ታዲያ ቃል አትጨርስም። que («ኬ»፣ ምን) ለማለት q ብቻ። «ለምን» እና «ምክንያቱም» xq ናቸው፤ x የማባዣ ምልክት ስለሆነች እነሱ «ፖር» ብለው ያነቧታል። jaja የእኛ ሃሃ ነው። መጨረሻ ላይ tqm፣ «በጣም እወድሻለሁ»። ለእህት፣ ለጓደኛ፣ ለባልንጀራ ይጻፋል።

ለማን እንደማይጻፍ ግን ቆይቶ ነው የገባኝ። ካሮት ለሚያመጡልን ስፓኒሽ ተናጋሪ ሽማግሌ ነጋዴ «እናመሰግናለን jaja tqm» ብዬ ላክሁ። ሰውየው ደውለው «እመቤቴ፣ እኔ ባለትዳር ነኝ» አሉኝ። ጓደኛዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችብኝ፤ ከዚያ አስቀምጣ አስተማረችኝ። ለሽማግሌ፣ ለማታውቂው ሰው፣ ለሥራ ማመልከቻ ቃሉ ሙሉ ይሁን፣ ሰላምታም አይቅር። ሐዘን ላይ jaja ነውር ነው። ከዚያ ወዲህ ለነጋዴው «እንደምን አደሩ» ብዬ ጀምሬ አንድም ፊደል ሳልቆርጥ ነው የምጽፈው።

ዘንድሮ የኩሽና ኃላፊዋ ስትለቅ ቦታውን ፈለግሁት። አሥራ አንድ ዓመት እሳት ፊት ቆሜያለሁ፣ ይገባኛል። የቤቱ ባለቤት እትዬም ልባቸው ወደ እኔ ነበር። የእህታቸው ልጅ ግን ኮሌጅ ስፓኒሽ ተምሯል፤ ስልኬን ተቀብሎ ከአምስቱ የኩሽና ሴቶች ጋር የምንጻጻፍበትን ግሩፕ ወደ ላይ እየሳበ አነበበ።

«እትዬ፣ ይቺ እኮ መጻፍ አትችልም» አለ። «የሕፃን ቴክስት ነው። ይሄ ፕሮፌሽናል አይደለም።»

እኔ ፊት፣ «ይቺ» ብሎ። ደሜ ፈላ።

«እንግዲያው አንተ ጻፍላቸው» አልኩት። «ሰኞ የመልስ ድግስ አለብን። በጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ጥራቸው።»

ጻፈ። በስፓኒሽ፣ ግሩፑ ላይ፤ አንድ ነጥብ አልጎደለውም። «ክቡራን ሠራተኞች፣ ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሥራ ቦታችሁ እንድትገኙ እናሳስባለን።» ስሙን ከነማዕረጉ ከሥር አሰፈረ፤ ለምን እንደሚጠሩ ግን አልተናገረም። አምስቱም አነበቡት። አንድም ሰው አልመለሰም።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ደወለች። «ልታባርሩን ነው? ወይስ ኢሚግሬሽን ሊመጣ ነው? ሴቶቹ አንመጣም እያሉ ነው።»

አልፈረድኩባትም። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለድግስ መጥቶላት አያውቅም፤ የሚመጣው ከቤት አስለቃቂ ወይም ከፍርድ ቤት ነው። እትዬ አጠገቤ ነበሩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጁ ስህተቴን አሳዩኝ አለ። ስህተት አልነበረበትም። የጻፈው ትክክል ነው፤ እንዲህ የሚጻፍላቸው ሰዎች ግን እነሱ አይደሉም።

ስልኬን አውጥቼ እሱ እያየ ጻፍኩ፦ «chicas, el lunes a las 6 xq hay fiesta, no es nada malo jaja. les guardo comida. tqm»። ሴቶች፣ ሰኞ በፈረንጅ ስድስት፣ በእኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ኑ፣ ድግስ አለ፣ ክፉ ነገር የለም፣ ምግብ አስቀምጥላችኋለሁ። ጽፌ ሳልጨርስ እንደማለት ነው መልሱ የጎረፈው። አንዷ jajaja፣ አንዷ «ok»፣ ጓደኛዬ ደግሞ «ay q susto»፤ እንዴት አስደነገጣችሁን ማለቷ ነው።

ሰኞ አምስቱም በሰዓቱ ገቡ።

ድግሱ ሲያልቅ እትዬ ጠሩኝ፤ ልጁም ተቀምጧል። «ሶ፣ ኩሽናውን አንቺ ያዢው» አሉ። «ኃላፊ ከሆንሽ በኋላ ግን ይሄን ጨዋታ ተዪው፣ እሺ? በወግ ጻፊ።»

እሺ ብል ያልቅ ነበር። አላልኩም።

«ለነጋዴው በወግ እጽፋለሁ፣ እትዬ። ለጤና ተቆጣጣሪውም እንደዚያው። ለእነሱ ግን እንደለመድነው ነው የምጽፈው። እርስዎ ካልወደዱት ቦታው ይቅርብኝ።»

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ጓደኛዬ ነበረች፦ «ya eres jefa? xq no dices nada»። አለቃ ሆንሽ ወይ፣ ለምን ዝም አልሽ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምን ልትዪያት ነው?»

ፊታቸው ጻፍኩ። «no sé. tqm»። አላውቅም ማለት ነው አልኳቸው።

«ሦስቱ ፊደልስ?»

«በጣም እወድሻለሁ።»

«ለሠራተኛ?»

«ለሠራተኛ» አልኩና ላክሁት።

እትዬ የኩሽናውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ስልኬ አጠገብ አስቀመጡት።