የትኛው ሰኞ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታይ ምን ያህል ነገር ይወጣዋል? ስለ ታናሽ እህቴ ሳስብ ይህ ጥያቄ አይለቀኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ቀጠሮ ስትጽፍ ኖራለች። ቢሮዋ በሁለት በሮች መካከል የተሸጎጠ ነው፤ አንዱ ሲከፈት ወንበሯን ትስባለች፣ ሌላው ሲከፈት ወረቀቱ እንዳይበተን በክንዷ ትጫነዋለች። መስኮቱ የሚያየው ግድግዳ ነው። እሷ ግን የሚያፍኑኝ ቃላቱ ናቸው ትል ነበር፤ «የሚቀጥለው ሰኞ»፣ «የሳምንቱ መጨረሻ»፣ «የዛሬ ስምንት»።

ባልደረቦቿ «ወይዘሮ የትኛው» ይሏታል። ሰው ሰኞ ባለ ቁጥር የትኛው ሳትል አታልፍም። ባሏም አይምራትም፤ ነገ ገበያ እንውጣ ስትለው የትኛው ነገ ይላታል። ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነው።

ድሮ ሐኪሙ ከጻፈው ቃል አጠገብ በእርሳስ ቀኑን ትጨምር ነበር። የክፍሉ ኃላፊ አንድ ቀን አየባትና፣ የሐኪም ቃል አይነካም፣ ያለውን ገልብጪ እንጂ አትተርጉሚ ብሎ ላጲስ አስያዛት። ቀዶ ሐኪሙን ሄዳ ስትጠይቀው ደግሞ ሥራ አስፈታችኝ ብሎ ለኃላፊው ከሰሳት። ከዚያ ወዲህ መገልበጥ ብቻ ሆነ።

ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አንድ ልብስ ሰፊ መጣ። ቀደም ሲል በልቡ ውስጥ ሰው ሠራሽ ክዳን ገብቶለታል፤ ክዳኑ ላይ ደም እንዳይረጋ በየቀኑ ደም ማቅጠኛ ይወስዳል። አሁን የመጣው ለቡአው ቀዶ ጥገና ነው። ቀዶ ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ፣ «ደም ማቅጠኛውን ከአምስት ቀን በፊት አቁሞ ለሚቀጥለው ሰኞ» ብሎ ጻፈና ወደ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ገባ።

እህቴ ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች። ከዛሬ አንሥቶ ቢያቆም ለ14ኛው ቀን ሰኞ አምስቱ ልክ ይሞላል። ሐኪሙ ያሰበው 21ኛውን ከሆነ ደግሞ ማቆም ያለበት ከ16ኛው ጀምሮ ነው። ሁለቱም ያስኬዳል። ማንኳኳት ፈለገች፤ ክሱ ትዝ አላት። ቃሉን እንዳለ በቀጠሮ ካርዱ ላይ ገለበጠችው።

ልብስ ሰፊው በዚያው ቀን መድኃኒቱን አቆመ። በ14 ሻንጣውን ይዞ በቀጥታ ወደ ተኝቶ መታከሚያው ሄደ። ስም ዝርዝሩ ላይ የለም። ነርሷ ቀዶ ሐኪሙ ያወጣውን ዝርዝር አገላብጣ፣ ቀጠሮህ ለሚቀጥለው ሰኞ ነው አለችው። መድኃኒቱን እንደገና ጀምር ያለው ሰው የለም፤ እሱም ካቆመ ወዲያ መልሶ የሚጀመር አልመሰለውም። ቅዳሜ፣ በ19፣ ልብስ እየቆረጠ ሳለ መቀሱ ከእጁ ወደቀ። አነሣዋለሁ ቢል ቀኝ እጁ አልታዘዘውም። የረጋ ደም ወደ አንጎሉ ሄዶ ነበር።

በማግስቱ እህቴ አልጋው አጠገብ ቆመች። ምላሱ ተሳስሮ ነበር፤ ቢሆንም ቀስ እያለ ተናገረ።

«እኔ የማውቀው ሰኞ አንድ ነው፣ እህቴ። ከፊቴ ያለውን።»

የሚለው እውነት ነው። አጣሪ ኮሚቴው ሲቀመጥ ቀዶ ሐኪሙም እውነቱን ተናገረ፤ 14ኛውን ቢፈልግ ኖሮ «ይህ ሰኞ» ይል ነበር። ዋናዋ ነርስ፣ እኔ ብሆን 14 ብዬ አነበው ነበር አለች። ሁለት ሰው አንድን ቃል ይዞ፣ ሁለቱም ልክ ሆኖ፣ በመካከላቸው የሰው እጅ ሽባ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል እኔ በመጽሐፍ ብዙ አንብቤ አላወቅሁትም። ካርዱን የጻፈው እጅ ግን የእሷ ነው። ሰብሳቢው ሳትጠይቂ ለምን ገለበጥሽ አላት።

«ስጠይቅ ተከሰስኩ፣ ጌታዬ። ቀኑን ስጽፍ ላጲስ አስያዛችሁኝ። የቀረኝ መገልበጥ ነበር፤ እሱንም ዛሬ ወሰዳችሁብኝ።»

ማስጠንቀቂያ ጻፉባት። ደብዳቤው መልስ ካላት «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ» እንድታቀርብ ይላል። ዓርብ ነው ቅዳሜ ብላ ብትደውል ጸሐፊዋ፣ የሳምንቱ መጨረሻማ የሳምንቱ መጨረሻ ነው አለቻት። ሐሙስ አስገባች።

ጡረታዋ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል፤ ሌላ ክፍል እንዳትዛወር ማስጠንቀቂያው ያግዳታል። ዛሬም በሁለቱ በሮች መካከል ተቀምጣ «ለሚቀጥለው ሰኞ» ትገለብጣለች። ልብስ ሰፊው በግራ እጁ ቁልፍ መትከል እየተለማመደ ነው አሉ።

ያን ሐሙስ ያስገባችውን መልስ ግልባጩን አሳይታኛለች። ስለ ጥፋተኝነቷ አንድም ቃል አልተከራከረችም። ይልቁንም በቀጠሮ ካርዱ ላይ የቀኑ ስም፣ ቁጥሩና ወሩ የሚጻፍበት አንድ መስመር እንዲጨመር ለመነች። ቅጹ ቀድሞ በብዛት ስለታተመ አይቻልም ተባለች። እንግዲያው እኔው በእጄ ላስምረው ብላ ጻፈች፤ ለዚህኛው መልስ የሰጣት የለም።