ተኝቶ የሚነበብ ርዕስ

ጅማ መርካቶ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር መጽሐፍ ስንጠርዝ፣ አብዛኛው ሥራችን የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። ርዕሱን መጽሐፉ በተሰፋበት ጎን ላይ፣ በወርቅማ ፊደል፣ ከላይ ወደ ታች እናትመዋለን። እጃችን ስለለመደው አናስብበትም ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሐጂ፣ ሟች አባታቸው በዓረብኛ የጻፉትን መጽሐፍ ይዘው መጡ። የልጅ ልጆቻቸው እንዲለዩት ርዕሱ በአማርኛ እንዲሆን ፈለጉ። እንደ ልማዴ ልጀምር ስል ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ።

"ቆይ! ይሄ እኮ ከቀኝ ነው የሚገለጠው!"

ርዕሱን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈን እንደ ልማዳችን ከላይ ወደ ታች ጎኑ ላይ ለጠፍነውና መጽሐፉን የፊት ሽፋኑን ወደ ላይ አድርገን አስተኛነው። ፊደሎቹ ተዘቅዝቀው ታዩ። ወረቀቱን አዙረን ከታች ወደ ላይ እንዲነበብ ስናደርገው ግን ቀጥ አሉ።

"መደርደሪያ ላይ ሲቆም ከሌሎቹ ተቃራኒ ይሆናላ!" አልኳት።

ብንከራከርም ስላልተስማማን ባለቤቴ ወደ ሰውየው ዞረች። "ሐጂ፣ ቤትዎ መጽሐፍ ያቆማሉ ወይስ ያስተኛሉ?"

ሳቁ። "የአባቴን መጽሐፍ እንዴት አቆመዋለሁ ልጄ? መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ይተኛል እንጂ።"

ከታች ወደ ላይ አተምነው። ሊወስዱት ሲመጡ አስተኝተው፣ ጎንበስ ብለው ርዕሱን አነበቡና "ማሻአላህ! ገለቶማ!" ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑን። ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው የአባታቸውን ዓረብኛ በዜማ ያነቡልን ጀመር። ቃሉ ባይገባንም ሥራችንን ትተን አዳመጥናቸው።